የማሳከክ ሽሮፕ፣ ማንኪያውና ድብታው

ለልጅ ማሳከክ ሽሮፕ ሊገዙ የሚመጡ ሰዎች ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁኛል። አንዳንዶቹ «ያስተኛዋል እንዴ?» ይላሉ፣ ስጋታቸው ከፊታቸው ይነበባል። ሌሎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ትንሽ የሚያስተኛ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» ይላሉ። እነዚህኞቹ ልጁ ሲያክክ ሌሊቱን አብረው ያነጉ፣ ወይም በማግስቱ ሕፃን ታቅፈው ረጅም የአውቶቡስ መንገድ የሚጠብቃቸው ናቸው። በሁለቱም አልፈርድም። ግን ሁለቱም የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ድብታው። እኔ ደግሞ መድኃኒት ቤት ውስጥ በቆየሁባቸው ዓመታት ከድብታው በስተጀርባ ብዙ ጊዜ ያገኘሁት የመጠን ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ አምድ ሽሮፑን፣ መጠኑንና እንቅልፉን አንድ ላይ እናያለን።

መጀመሪያ ለምን እንደሚያስተኛ እንነጋገር። በሰውነታችን ውስጥ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ትንኝ ሲነድፈን ወይም የማይስማማን ነገር ስንበላ ይህ ንጥረ ነገር ቆዳችን ውስጥ ከተከማቸበት ይለቀቃል። ያን ጊዜ ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል። ያው ሂስታሚን አንጎል ውስጥ ግን ሌላ ሥራ አለው፤ ነቅተን እንድንቆይ ያደርገናል። የማሳከክ መድኃኒት የምንለው የሂስታሚንን ሥራ የሚያግድ ነው። መድኃኒቱ ቆዳው ላይ ብቻ ቢያግድ ኖሮ ማሳከኩ ቆሞ ልጁ እንደ ልቡ ይጫወት ነበር። ወደ አንጎል ሲገባ ግን የሚያነቃውንም ያግደዋል፤ ልጁም ይደበዝዛል።

የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች፣ ማለትም ክሎርፌኒራሚን፣ ዳይፈንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚን፣ ወደ አንጎል በቀላሉ የሚገቡ ናቸው። በኋላ የመጡት ሴትሪዚንና ሎራታዲን ግን ወደዚያ የሚደርሱት በጥቂቱ ነው። ሴትሪዚን አንዳንድ ልጆችን ትንሽ ያደበዝዛል፤ ሎራታዲን ከእሱም ያነሰ ነው። ማሳከክን በማስታገስ በኩል ግን አዲሶቹ ከቀድሞዎቹ አያንሱም። ደግሞም ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራሉ። ክሎርፌኒራሚን በየ4 እና በየ6 ሰዓቱ ይደገማል፤ ሴትሪዚን በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃዋል። ስለዚህ ብዙ እናቶች «ጠንካራው የሚያስተኛው ነው» ብለው የሚያስቡት ልክ አይደለም። ማስተኛቱ የብርታቱ ምልክት ሳይሆን መድኃኒቱ ባላሰብነው ቦታም እየሠራ መሆኑን የሚያሳይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ትንንሽ ልጆችን ሁልጊዜ አያስተኙም። አንዳንዱን ልጅ በተቃራኒው ያቅበጠብጡታል። ይነጫነጫል፣ ይዘላል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ወላጅም «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ይደግምለታል። ይህ አደገኛ ነው፤ መቅበጥበጡ ራሱ መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ መግባቱን ሊያሳይ ይችላልና። ለመንገድ ብለው የሚያስተኛ ሽሮፕ ለሚጠይቁኝ ሰዎች የምነግራቸውም ይህንኑ ነው፤ አውቶቡሱ ውስጥ የሚተኛ ልጅ ፈልጋችሁ የማይያዝ ልጅ ልታገኙ ትችላላችሁ። ቢተኛም ደግሞ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጭናችሁ ላይ ያለ ሕፃን አተነፋፈሱ ሲለወጥ ቶሎ አይታያችሁም።

ከሁሉም ስሙን እንድትይዙልኝ የምፈልገው ፕሮሜታዚን ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህ መድኃኒት ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ፈጽሞ እንዳይሰጥ በ2004 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ምክንያቱ ትንፋሽን ማፈኑና በዚያም የሞቱ ሕፃናት መኖራቸው ነው። ስለዚህ ጎረቤት «ለእኔ ልጅ ጥሩ እንቅልፍ ሰጠው» ብላ የምታውሳችሁ ጠርሙስ ላይ ይህ ስም ካለ፣ ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ የ1 ዓመት ሕፃን ከሆነ፣ አመስግናችሁ መልሱላት።

አሁን ወደ መጠኑ እንግባ። ባልቀየር የምመርጠው በአንድ ልጅ ላይ የሆነውን መንገር ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት የ3 ዓመት የልጅ ልጃቸውን አዝለው መጡ። ልጁ ከሐሙስ ጀምሮ ገላው ላይ ቀላ ቀላ ያለ እብጠት እየተነሳ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይወጣበት ነበር። በዚያ ላይ አፍንጫው ይፈስሳል። ወላጆቹ ሥራ ስለሚውሉ መድኃኒቱን የሚሰጡት አያት ናቸው። «ልጄ፣ ማሳከኩስ ተሻለው፤ ግን ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ ብቻ ሆነ። ምሳውንም እያንቀላፋ ነው የቀመሰ» አሉኝ። ከዘንቢላቸው ሁለት ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ሰው ስለ መድኃኒት ሊጠይቅ ሲመጣ ጠርሙሱን ይዞ ከመጣ ግማሹን ሥራ ጨርሶልኛል ማለት ነው።

መጀመሪያ ልጁን አየሁት። በስሙ ስጠራው ዓይኑን ገለጠ፤ ውኃ ስናቀርብለት ጠጣ፤ አያቱ ላይ ተለጠፈ። ትንፋሹ የተረጋጋ ነበር። ሽንቱን መሽናቱንም ጠየቅኳቸው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ሲበዙ ሽንት ሊይዙ ይችላሉና። ጠዋት ሸንቷል። ከዚያ ወደ ጠርሙሶቹ ዞርኩ።

የመጀመሪያው የክሎርፌኒራሚን ሽሮፕ ነው። ጎኑ ላይ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 2 ሚሊ ግራም መድኃኒት እንዳለው ተጽፏል። የሸጠው ሰው በእስክሪብቶ «½ ማንኪያ በቀን 3 ጊዜ» ብሎ ጽፎበታል። የጻፈው ሰው ያሰበው የሻይ ማንኪያ ነው፤ የሻይ ማንኪያ ሲባል 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ ግማሹ 2.5 ሚሊ ሊትር፣ በውስጡም 1 ሚሊ ግራም መድኃኒት። ከ2 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ ትክክለኛው የአንድ ጊዜ መጠን ይኸው ነው። በቀን ውስጥ በጠቅላላው ከ6 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። በቀን 3 ጊዜ 1 ሚሊ ግራም ማለት 3 ሚሊ ግራም ስለሆነ ከገደቡ ብዙ ይርቃል። እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም።

«በምን ማንኪያ ነው የሚሰጡት እማማ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ወጥ በምናወጣበት አይደለም መቼስ» ብለው ሳቁ፤ «በምንበላበት ነው» አሉ። የሾርባ ማንኪያ ማለታቸው ነው። የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ የሻይ ማንኪያውን ሦስት እጥፍ። ግማሹ 7.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ በውስጡም 3 ሚሊ ግራም መድኃኒት። ልጁ በአንድ ጊዜ የሚወስደው ከታሰበለት ሦስት እጥፍ ሆነ፤ በቀን ደግሞ 9 ሚሊ ግራም ደረሰ። አያትየው ያጠፉት ነገር የለም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው «ማንኪያ» ነው፤ ማንኪያ ደግሞ በየቤቱ ብዙ ዓይነት አለ።

ሁለተኛው ጠርሙስ የጉንፋን ሽሮፕ ነበር። ልጁ ጉንፋን ስለያዘው ጎን ለጎን እየወሰደ ነው። የንግድ ስሙ ሌላ፣ ሥዕሉ ሌላ፣ ቀለሙ ሌላ። ነገር ግን ጀርባው ላይ በጥቃቅን ፊደል ከተዘረዘሩት ውስጥ አንዱ ያው ክሎርፌኒራሚን ነው፤ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 1 ሚሊ ግራም። በዚያው ማንኪያ ግማሹ ሲሰጥ 1.5 ሚሊ ግራም፣ በቀን 3 ጊዜ 4.5 ሚሊ ግራም ይሆናል። ከመጀመሪያው 9 ጋር ሲደመር ልጁ በቀን 13.5 ሚሊ ግራም እየወሰደ ነበር። ገደቡ 6 ነው ብለናል። ከእጥፍም በላይ ማለት ነው። በጉንፋኑ ሽሮፕ ውስጥ ያለውን ፓራሲታሞልም ከኪሎው ጋር አሰላሁት፤ እሱ ከልኩ አላለፈም።

ልጁ ሲጠሩት የሚነቃ፣ የሚጠጣና ትንፋሹ ደህና ስለነበር ነገሩ ወዲያውኑ ሕይወቱን የሚያሰጋ አይመስልም ነበር። ሆኖም ሁለቱንም ሽሮፕ እንዲያቆሙ ነግሬ፣ ስንት ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደወሰደ በወረቀት ጽፌ፣ ጠርሙሶቹን አስይዤ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ላክኋቸው። እዚያ የልቡን ምትና ትንፋሹን እያዩ ጥቂት ሰዓታት አቆዩት። ማታ ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ እሁድ ጠዋትም ሲሯሯጥ ነበር። ድብታው በ4 ወይም በ6 ሰዓት ውስጥ ተጠራርጎ ያልወጣው፣ ክሎርፌኒራሚን ከማሳከክ እፎይታው ይልቅ በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ ነው። ከማታ የተሰጠ ለጠዋት ይተርፋል፤ የጠዋቱ ሲጨመርበት ደግሞ ይደራረባል።

ከዚህ ታሪክ የማንኪያው ነገር በጣም ያብከነክነኛል። ከመድኃኒት ቤት ስትወጡ መርፌ የሌለው የ5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጠይቁ። ዋጋው ኢምንት ነው። ሽሮፑን እስከ ምን መስመር እንደምትስቡ እዚያው በፊታችሁ በእስክሪብቶ ያስምሩላችሁ። ከዚያ በኋላ ማንም ይስጠው፣ አያትም ሞግዚትም፣ መስመሩ አንድ ነው። ሲሰጡ ሕፃኑን ቀና አድርጋችሁ ያዙ፤ የሲሪንጁን ጫፍ በጉንጩ በኩል አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ ግፉ፤ ወደ ጉሮሮው ቀጥታ ከገፋችሁት ሊያንቀው ይችላል። ሲሪንጅ ከጠፋ ከጠርሙሱ ጋር የመጣው መስመር ያለው መለኪያ ክዳን ይሁን እንጂ የወጥ ቤት ማንኪያ አይሁን። ደግሞም ጠርሙሱ ላይ «ማንኪያ» የሚል ብቻ ከተጻፈ «ስንት ሚሊ ሊትር ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን በመጠየቃችሁ ቅር የሚለው ባለሙያ ካለ ቅር ይበለው።

ከሽሮፕ ይልቅ በኪኒን የሚጠቀሙ ቤቶችም አሉ። ትንሿን 4 ሚሊ ግራም የክሎርፌኒራሚን ኪኒን በቢላዋ አራት ቦታ ከፍለው አንዱን ለሕፃኑ በስኳር በጥብጠው ይሰጣሉ። በስሌት አንድ አራተኛው 1 ሚሊ ግራም ነው። በተግባር ግን ያቺን የምታህል ኪኒን እኩል አራት ቦታ የሚከፍል ቢላዋ አላየሁም፤ አንዱ ቁራጭ ትልቅ፣ አንዱ ዱቄት ይሆናል። ለትንሽ ልጅ ሽሮፕ እያለ ይህን አልመክርም።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። ከሁለት ቀን በኋላ እናቱ ራሷ መጣች። እብጠቱ አሁንም እየተነሳ ያሳክከዋል፤ እሷ ግን ከእንግዲህ የማሳከክ ሽሮፕ የሚባል ነገር ማየት አትፈልግም። ስጋቷ ይገባኛል። ነገር ግን ድብታውን ያመጣው የመድኃኒቱ ዓይነትና ብዛቱ እንጂ ማሳከክን ማከሙ አልነበረም። ጤና ጣቢያው ሴትሪዚን አዝዞላት ነበር። በየ5 ሚሊ ሊትሩ 5 ሚሊ ግራም ያለው ሽሮፕ ነው፤ 1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ማለት ስለሆነ ለስሌት አያስቸግርም። ከ2 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ መነሻው በቀን አንዴ 2.5 ሚሊ ሊትር ነው። ያ ካልበቃው በ12 ሰዓት ልዩነት 2.5 ሚሊ ሊትር ይደገማል፤ ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት። በቀን ከ5 ሚሊ ሊትር አያልፍም። የመጀመሪያውን መጠን ማታ እንድትሰጠው መከርኳት፤ ትንሽ ቢያደበዝዘው እንኳ የመኝታ ሰዓቱ ነው፣ እሷም ከሥራ ተመልሳ አጠገቡ ናት።

ሌላም ነገር ነገርኳት። ሴትሪዚን ሥራውን እስኪጀምር እስከ 1 ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ልጁ ሲያክክ ማየት ያስጨንቃል፤ እጅም ወደ ጠርሙሱ ይሄዳል። በመሀሉ የሚረዳው ሌላ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ቦታው ላይ ማድረግ፣ ጥፍሩን ማሳጠር፣ ላብ የሚያስልበውን ሹራብ ማውለቅ፣ በሙቅ ውኃ አለማጠብ። ሙቀት ማሳከክን ያብሳል። ከወሰደ በኋላ ቢያስመልሰውስ? ምን ያህሉ እንደወጣ ስለማይታወቅ በራሳችሁ አትድገሙ፤ ደውላችሁ ጠይቁ።

ዕድሜው ከ6 እስከ 11 ለሆነ ልጅ የሴትሪዚን መጠን በቀን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ነው። ሎራታዲን ለመረጠ ደግሞ ከ2 ዓመት በላይ ሆኖ ክብደቱ ከ30 ኪሎ ለማያልፍ ልጅ በቀን አንዴ 5 ሚሊ ግራም ይበቃል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከእነዚህ የትኛውንም ቢሆን ያለ ሐኪም አልሰጥም፤ የሚታዘዘው በኪሎው ተሰልቶ ነውና። የኩላሊት ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅም እንደዚሁ፤ ለእነሱ መጠኑም ምርጫውም ይለያል።

አሁን ከውጭ ስለሚመጣው እንነጋገር፤ ይህ አሳሳቢ ነው። ከዐረብ አገር፣ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ የልጆች መድኃኒት አይጠፋም። በተለይ ሴትሪዚን በጠብታ መልክ የሚሸጥበት አገር አለ። ትንሽ ብልቃጥ ነው፤ ትንሽ ስለሆነም የሕፃን፣ ለስላሳ ይመስላል። ግን በ1 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 10 ሚሊ ግራም አለው፤ እኛ ከምናውቀው ሽሮፕ አሥር እጥፍ የጠነከረ ነው። ከ2 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ የሚታዘዘው በሚሊ ሊትር ሳይሆን 5 ጠብታ ነው፤ ይህም 2.5 ሚሊ ግራም ይሆናል። አንድ እናት «ሴትሪዚን 2.5 ሚሊ ሊትር» የሚለውን ከሽሮፑ አስታውሳ ከዚህኛው 2.5 ሚሊ ሊትር ብትስብ 25 ሚሊ ግራም ሰጠች ማለት ነው፤ ለአዋቂ ሰው ከሚበቃው ከእጥፍ በላይ። ስሙ አንድ፣ መጠኑ ለየቅል። ስለዚህ መጠንን ስትይዙ በሚሊ ሊትር ብቻ አትያዙ፤ ልጃችሁ የሚወስደው ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ እወቁ። ከአሜሪካ የሚመጣው የልጆች ዳይፈንሃይድራሚን ላይ ደግሞ ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሐኪም ካላዘዘ አይሰጥ የሚል ማሳሰቢያ ታትሞበታል። ጠርሙሱ ላይ የሕፃን ሥዕል መኖሩ ይህን አይሽረውም።

ሽሮፑ ማሳከክን ሁሉ አያድንም፤ ድብታውም ያልሠራን መድኃኒት የሠራ ያስመስለዋል። እከክ የያዘው ልጅ ሌሊት ሌሊት ይብስበታል፤ በጣቶቹ መሀል፣ በእጁ አንጓ፣ በብብቱ ይወጣበታል፤ ብዙውን ጊዜ ወንድሙ ወይም እናቱም ታካለች። ይህ የሚጠፋው የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ቅባት ተቀብቶ፣ ልብሱና አንሶላው ታጥቦ ነው። ልጁን በክሎርፌኒራሚን ማስተኛት ማሳከኩን ለአንድ ሌሊት ይሸፍነዋል እንጂ ነፍሳቱ ቆዳው ውስጥ ናቸው። ጭርትም የራሱ ቅባት አለው። ድርቅ ብሎ የሚሰነጣጠቅና ከክርንና ከጉልበት እጥፋት የማይጠፋ የቆዳ ችግር ደግሞ በዋናነት የሚታከመው ቆዳውን በማለስለስና ሐኪም በሚያዝዘው ቅባት ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ አንዳንድ ሐኪሞች ለጥቂት ሌሊት የሚያስተኛውን ዓይነት ያዝዛሉ፤ ይህ ታስቦበት የሚደረግ ነው፣ ጊዜውም የተወሰነ ነው። እኔ የምቃወመው ሳይታዘዝ ለወራት የሚቀጥለውን ነው። የማሳከክ ሽሮፕ በደንብ የሚሠራው እንደዚያ ልጅ እየተነሳ ለሚጠፋው እብጠት፣ ለነፍሳት ንክሻና ለአፍንጫ አለርጂ ነው።

እንግዲህ ልጁ ሽሮፑን ወስዶ ቢያንቀላፋ ምን ይደረግ? በልኩ ወስዶ፣ ሲጠሩት የሚነቃ፣ እናቱን የሚለይ፣ የሚጠጣ፣ ትንፋሹም እንደ ወትሮው ከሆነ ተዉት ይተኛ። በጀርባው ወይም በጎኑ አስተኙት፤ በየጊዜው እያያችሁ አንዳንዴ ቀስቅሱት። የሚቀጥለውን መጠን ግን ሙሉ በሙሉ ነቅቶ እስኪጫወት ድረስ አትስጡ፤ በማግስቱም ከደገመው ዓይነቱ እንዲቀየር ባለሙያ አማክሩ።

ከዚህ የተለየው ሲነካኩትም የማይነቃው ነው፤ ትንፋሹ የዘገየ ወይም የተቆራረጠ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የሚንቀጠቀጥ። እንዲሁም ድብታ ሳይሆን ፊቱ ቀልቶ፣ ገላው ግሎ፣ አፉ ደርቆ፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ፣ የሌለ ነገር እያየ የሚቃዥ ከሆነ ያው የመብዛት ምልክት ነው። ጠርሙሱን ራሱ ከፍቶ የጠጣ ልጅ ግን ምልክት እስኪታይበት አይጠበቅም። እነዚህን ሁሉ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው። በጣት አታስመልሱት፤ ደብዝዞ ያለ ልጅ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ወተትም ሆነ ዘይት አታጠጡት፤ መድኃኒቱን አያረክሰውም።

ምላሱ ወይም ከንፈሩ ያበጠ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ እያፏጨ የሚተነፍስ፣ ወይም ከሽፍታው ጋር ደጋግሞ አስመልሶ የዛለ ልጅም ለሽሮፕ የሚሆን አይደለም። ያ ከባድ አለርጂ ነው፤ የሚያድነው ጭኑ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ሽሮፑ እስኪሠራ እየጠበቃችሁ ደቂቃ አታባክኑ። በየትኛውም ሁኔታ ስትሄዱ ስንት ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደወሰደ ጽፋችሁ፣ የጉንፋኑንም ጨምሮ ጠርሙሶቹን ሁሉ፣ ባዶ ቢሆኑም፣ ይዛችሁ ሂዱ።